ስም ለአደባባይ፣ ቀመር ለጓዳ

እ.ኤ.አ. በ1906 አኒ ተርንቦ የምትባል አሜሪካዊት ነጋዴ «ፖሮ» የሚለውን ቃል የምርቶቿ የንግድ ምልክት አድርጋ አስመዘገበች። አኒ በሴንት ሉዊስ ከተማ ለጥቁር ሴቶች የሚሆን የፀጉር ቅባት እያዘጋጀች፣ ቤት ለቤት በሚዞሩ ወኪሎች የምታሸጥ ሴት ነበረች። ከወኪሎቿ አንዷ ሣራ ብሪድላቭ ትባላለች። ሣራ እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደች፣ በዓመቱ ቻርልስ ዎከር የሚባል ሰው አገባች፣ ከዚያም «ማዳም ሲ.ጄ. ዎከር» በሚል ስም የራሷን የፀጉር ቅባት መሸጥ ጀመረች። የአኒ ቅባት «ድንቅ ፀጉር አሳዳጊ» ይባል ነበር፤ የሣራም «ድንቅ ፀጉር አሳዳጊ» ተባለ።

ሁለቱ ሴቶች በቀመሩ ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለራስ ቅል ቁስልና ለፎረፎር ድኝን በቫዝሊን ለውሶ መቀባት ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ከሁለቱም በፊት የሚያውቁት ነገር ነበር። ስለዚህ ቀመሩን «የእኔ ብቻ ነው» ብላ ሌላዋን ልታስቆም የምትችል አልነበረችም። «ድንቅ ፀጉር አሳዳጊ» የሚለውም የምርቱን ሥራ የሚናገር ውዳሴ እንጂ የአንድ ሰው መለያ ስላልሆነ ለሁሉም ክፍት ነበር። «ፖሮ» ግን የአኒ ብቻ ሆነ። «ማዳም ዎከር» የሚለው ስም፣ በቆርቆሮው ላይ ከታተመው የሴትዮዋ ፎቶግራፍ ጋር፣ የሣራ ብቻ ሆነ። ሁለቱም በየስማቸው ትልቅ ሀብት አፈሩ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በአገራችን የፀጉር ቅባት፣ ሳሙናና የፊት ክሬም የሚሠሩ አነስተኛ አምራቾች ብዙ ጊዜ ጥንቃቄያቸውን የሚያውሉት በተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው። ስለ ቀመራቸው ሲጠየቁ አፋቸውን ይለጉማሉ፤ ስማቸውን ግን ሳያስመዘግቡ ዓመታት ይሸጣሉ። ቀመሩ ቢወጣ ደንበኛ ወዲያው አይጠፋም፤ ስሙ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ግን ማሸጊያውም፣ የቴሌግራም ገጹም፣ በሰው አፍ የተተከለው ዝናም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ የሚጠበቁበት መንገድም ተቃራኒ ነው። ስም የሚጠበቀው በአደባባይ በማወጅና በመዝገብ በማስፈር ሲሆን፣ የንግድ ምስጢር የሚባለው ቀመር የሚጠበቀው በየትም መዝገብ ሳይገባ በጓዳ በመቆየቱ ብቻ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖር አንዲት ባለሙያ በወር ጥቂት መቶ ብልቃጥ የፀጉር ቅባት ትሠራለች እንበል። በአንድ ጊዜ የምታዘጋጀው 10 ኪሎ ነው፦ 4.5 ኪሎ የሺያ ቅቤ፣ 2 ኪሎ የጉሎ ዘይት፣ 2 ኪሎ የሰሊጥ ዘይት፣ 1.2 ኪሎ የንብ ሰም፣ 200 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ እንዲሁም ለሽታና ለራስ ቅል እንዲሆን 100 ግራም የጥብስ ቅጠልና የቅርንፉድ ዘይት ድብልቅ። ሁለት ሠራተኞች አሏት፤ የምትሸጠው በሦስት የውበት ሳሎኖችና በስልክ ትእዛዝ ነው።

መጀመሪያ ስሟን እንይ። ቅባቱን «ጥቁር አዝሙድ የፀጉር ቅባት» ብላ ብትጠራው ደንበኛ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ብዙዎች እንዲህ ያለ ስም የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። በሕግ ፊት ግን ይህ ስም ደካማ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የንግድ ምልክት የሚለው የአንዱን ሰው ዕቃ ከሌላው ዕቃ የሚለይ፣ በዓይን የሚታይ ምልክትን ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም አገልግሎት ብቻ የሚናገር ቃል ይህን ሥራ አይሠራም። ጥቁር አዝሙድ የሚጨምር ሌላ አምራች ሁሉ ጥቁር አዝሙድ መጨመሩን የመናገር መብት አለውና። «ንጹሕ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «ልዩ»፣ «ውብ ፀጉር» የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። ጠንካራው ስም ከዕቃው ጋር በትርጉም የማይገናኝ ቃል ወይም ጨርሶ አዲስ የተፈጠረ ቃል ነው። የወንዝ፣ የወፍ፣ የዜማ መሣሪያ ስም ለፀጉር ቅባት ሲውል ስለ ቅባቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ ጠንካራ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ለማስተዋወቅ ይከብዳል፤ አንዴ ከታወቀ በኋላ ግን ሰው ሲሰማው የሚያስበው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው።

ባለሙያችን «መሰንቆ» የሚል ስም መረጠች እንበል። «የጥቁር አዝሙድ የፀጉር ቅባት» የሚለውን ከሥር በትንሽ ፊደል ትጽፈዋለች። ደንበኛው የዕቃውን ዓይነት ከዚያ ያውቃል፤ ስሙ ግን የእሷ ይሆናል።

ብዙ አምራቾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ንግድ ፈቃድ ሲያወጡ የንግድ ስም ያስመዘግባሉ፤ ወረቀቱን ፍሬም ውስጥ አስገብተው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ስማቸውም የተጠበቀ ይመስላቸዋል። የንግድ ስም ግን ነጋዴው በንግድ መዝገብ የሚታወቅበት ስም ነው፤ በብልቃጡ ላይ ያለው መለያ የንግድ ምልክት ነው። የመጀመሪያው የሚመዘገበው በንግድ ቢሮ፣ ሁለተኛው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንደኛውን መያዝ ሁለተኛውን አያስገኝም። የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጽ ስም ደግሞ ሁለቱንም አይተካም።

የአገራችን ሕግ የንግድ ምልክትን ባለቤትነት የሚያያይዘው ከምዝገባ ጋር ነው። ይህ ማለት አምስት ዓመት የሸጠችው ባለሙያ ሳታስመዘግብ፣ ትናንት የጀመረ ሰው ግን ቀድሞ ማመልከቻ ቢያስገባ፣ እሷ የጀመረችውን ስም ለማስመለስ የምትከራከር ትሆናለች ማለት ነው። ጨርሶ መንገድ የላትም ማለት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማችን የሚያደናግር ተግባርን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ብሎ ይከለክላል። በዚህ መንገድ ስትሄድ ግን ስሟ በገበያ ይታወቅ እንደነበር በደረሰኝ፣ በማስታወቂያና በምስክር ማስረዳት ይኖርባታል። የምዝገባ ምስክር ወረቀት የያዘች ሴት ይህን ሁሉ ሸክም አትሸከምም።

ምዝገባው የሚጀምረው በፍለጋ ነው። በባለሥልጣኑ መዝገብ ውስጥ ተመሳሳይ ስም መኖሩ ይጣራል። ተመሳሳይ ሲባል ፊደል በፊደል አንድ የሆነ ብቻ አይደለም፤ በዓይን፣ በጆሮና በትርጉም ሸማቹን ሊያሳስት የሚችል ሁሉ ነው። በአማርኛ ይህ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «መሰንቆ» በ«ሰ» ተመዝግቦ እያለ ሌላ ሰው በ«ሠ» ጽፎ ቢመጣ ለጆሮ ልዩነት የለውምና ሁለቱ ይጋጫሉ። ስለዚህ ፍለጋው ሲደረግ ሀን ከሐና ከኀ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ እየለዋወጡ ማየት ይገባል። በላቲን ፊደል የተጻፈውም በየዓይነቱ መታየት አለበት።

ቀጥሎ የዕቃ ምድብ ይመረጣል። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው ለሁሉም ነገር ሳይሆን ለተወሰነ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ምድብ ነው። ኒስ በሚባለው ዓለም አቀፍ አመዳደብ መዋቢያ፣ ሳሙና፣ ሽቶና የፀጉር ቅባት በምድብ 3 ይገባሉ። ቅባቱ «መድኃኒት ነው» ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ምድብ 5 ውስጥ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ የጤና ተቆጣጣሪው ጥያቄም ሌላ ይሆናል። የውበት ሳሎን አገልግሎት ምድብ 44 ነው። ባለሙያችን ነገ በዚሁ ስም ሳሎን ለመክፈት ካሰበች ሁለቱንም ማሰብ አለባት። የማትሠራበትን ምድብ ሁሉ መቆለል ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት በጠያቂ ሊሰረዝ ይችላል።

ገንዘቧ ለአንድ ማመልከቻ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ የምመክረው ከሥዕሉ በፊት ቃሉን፣ ያለ ቀለምና ያለ ጌጥ፣ እንድታስመዘግብ ነው። ሎጎ በየሦስት ዓመቱ ይቀየራል፤ የተመዘገበው የድሮው ሥዕል ከሆነ አዲሱን በሚገባ አይሸፍነውም። ቃሉ ከተመዘገበ ግን በየትኛውም አጻጻፍ ቢመጣ የእሷ ነው። ማመልከቻው፣ የምልክቱ ናሙና፣ የዕቃው ዝርዝርና ክፍያው ከቀረቡ በኋላ ባለሥልጣኑ ይመረምራል፤ ካመነበትም ተቃዋሚ ያለው ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ በአመልካቿ ወጪ ይወጣል። ተቃዋሚ ካልተገኘ ወይም ተቃውሞው ውድቅ ከሆነ ምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይቆያል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። የዕድሳቱን ቀን መርሳት የተለመደ ጉዳት ነው።

ማመልከቻው በማን ስም እንደሚገባም ይታሰብበት። በጓደኛ፣ በአከፋፋይ ወይም «ጉዳዩን እኔ አስጨርስልሻለሁ» ባለ ዘመድ ስም የተመዘገበ ምልክት በሕግ የዚያ ሰው ነው። ሎጎውን የሣለው ዲዛይነርም በሥዕሉ ላይ የቅጂ መብት ሊኖረው ስለሚችል፣ ሲከፈለው መብቱን ለእሷ ማስተላለፉን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ መፈረም አለበት።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የባለሙያችን ምስጢር የትኛው ነው? ብዙዎች «በውስጡ ያለው ነገር» ይላሉ። በውስጡ ያለው ነገር ግን ምስጢር ሆኖ ሊቆይ አይችልም። መዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ መዋቢያ በሥርዓት ሲሸጥም ይዘቱ በማሸጊያው ላይ መገለጽ አለበት። በአውሮፓና በአሜሪካ ሕግ ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ በክብደት ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ። የሽታ ድብልቅ በአንድ ቃል፣ «ፓርፉም» ተብሎ ሊጠቃለል ይችላል፤ ሆኖም በአውሮፓ አለርጂ የሚቀሰቅሱ የታወቁ የሽታ ንጥረ ነገሮች ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ በስማቸው መጠራት አለባቸው። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ዩጀኖል ከነዚህ አንዱ ነው። የደንበኛው ቆዳ ከምስጢራችን ይቀድማል፤ ሃይድሮኩዊኖን ወይም ሜርኩሪ ያለበትን ማንጫ ክሬም «የቤታችን ምስጢር» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ጥበቃ የሚገባው ምስጢር የላቸውም።

ዝርዝሩ ከታወቀ መጠኑስ? መጠኑ የተሻለ ምስጢር ነው፤ እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ተፎካካሪ ብልቃጡን ገዝቶ ወደ ላቦራቶሪ ቢወስደው፣ ተናኝ ዘይቶቹ በመሣሪያ ተለይተው ይታወቃሉ፤ የቅባት አሲዶቹ ስብጥርም የጉሎና የሰሊጥ ዘይት በምን ያህል ግምት እንደገቡ ይጠቁማል። ይህ ደግሞ ስርቆት አይደለም። በገበያ በሐቅ የገዛውን ዕቃ መርምሮ ያወቀን ሰው ወይም በራሱ ሙከራ እዚያው የደረሰን ሰው የንግድ ምስጢር ሕግ አይከለክለውም። ሕጉ የሚከለክለው በእምነት የተነገረውን የከዳን፣ የሰረቀን፣ ሠራተኛ አባብሎ ያወጣን ነው።

ላቦራቶሪ የማያየው ነገር ግን አለ፤ እሱም አሠራሩ ነው። በርበሬ ውስጥ ምን እንደሚገባ የማታውቅ እመቤት የለችም፤ የአንዷ በርበሬ ከሌላዋ የሚለየው በአቆላልና በተራ ነው። የሺያ ቅቤ ያለበት ቅባት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ስብ ለብቻው ይረጋና ከሳምንታት በኋላ በእጅ ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል። ባለሙያችን ብዙ ብልቃጥ ከተመለሰባት በኋላ መፍትሔውን አገኘችው እንበል። ቅቤውን፣ ዘይቶቹንና ሰሙን እስከ 80 ዲግሪ አሙቃ ለ20 ደቂቃ ታቆየዋለች፤ ከዚያ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጣ ሳታቋርጥ እያማሰለች በፍጥነት ታበርደዋለች፤ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ሰሙ መርጋት ሳይጀምር፣ ተናኞቹን ዘይቶች ጨምራ ወዲያው ትቀዳዋለች። ቀድማ ብትጨምራቸው ሽታው ይተናል፤ ብትዘገይ ቅባቱ አይቀዳም። በፍጥነት ማብረድ በዘርፉ የታወቀ ዘዴ ነው። እሷ ከዚህ ድብልቅ ጋር ያገናኘችው ልክ፣ ጊዜና ተራ ግን በብልቃጡ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ከሁሉ አጥብቃ መጠበቅ ያለባት ይህንን ነው።

የንግድ ምስጢር ተብሎ በዓለም የታወቀው መለኪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መረጃው በሙያው ሰዎች ዘንድ በሰፊው የማይታወቅ እንዲሆን፣ ባለመታወቁ የገበያ ዋጋ ያለው እንዲሆን፣ ባለቤቱም ምስጢርነቱን ለመጠበቅ ተገቢ እርምጃ የወሰደ እንዲሆን። አነስተኛ አምራቾች የሚወድቁት በሦስተኛው ነው። ቀመሩን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ለሠራተኛ በቴሌግራም ልካ፣ «ምስጢሬን ወሰዱብኝ» የምትል ሴት ዳኛው «ምስጢር መሆኑን በምን ያውቁ ነበር?» ሲላት መልስ ታጣለች።

ለሁለት ሠራተኛ ቤት የሚበቃው እርምጃ ውድ አይደለም። አንደኛው ቀመሩን መክፈል ነው። ባለሙያችን ማታ ብቻዋን ሆና 200 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ 100 ግራሙን የሽታ ድብልቅና ከጉሎ ዘይቱ ላይ 200 ግራም ቀንሳ አንድ ላይ ታዋሕዳለች፤ በጀሪካኑ ላይ «ቁጥር 3» ብላ ትጽፋለች። ሠራተኛዋ የምታየው መመሪያ 4.5 ኪሎ የሺያ ቅቤ፣ 1.8 ኪሎ የጉሎ ዘይት፣ 2 ኪሎ የሰሊጥ ዘይት፣ 1.2 ኪሎ ሰምና 500 ግራም «ቁጥር 3» የሚል ይሆናል። ድምሩ ያው 10 ኪሎ ነው፤ ሥራው አይስተጓጎልም፤ ሙሉው ልክ ግን በአንድ ሰው ራስ ውስጥና በአንድ የተቆለፈ ደብተር ውስጥ ብቻ ይኖራል። በደብተሩ እያንዳንዱ ማሻሻያ ከነቀኑ ይጻፋል፤ ክርክር ቢመጣ ማን ቀድሞ እንደደረሰበት የሚያሳየው እሱ ነው። «ቁጥር 3» ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ካለበት ግን አያያዙና ጥንቃቄው ለሠራተኛዋ መነገር አለበት፤ ምስጢር በሰው ጤና ላይ አይጠበቅም።

ሌላው ውል ነው። የሠራተኛዋ የሥራ ውል ላይ ምን ምስጢር እንደሆነ በስሙ ይጠቀስ፦ የውሕደት ልኮች፣ የማሞቂያና የማብረጃ ሂደት፣ የአቅራቢዎችና የደንበኞች ዝርዝር። ቀመሩ ራሱ በውሉ ውስጥ አይጻፍም። ሥራ ስትለቅ የያዘችውን ወረቀትና በስልኳ ያለውን ፎቶ መልሳና አጥፍታ እንድትፈርም ይደረግ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያሻል። ሠራተኛዋ የተማረችው የሙያ ችሎታ፣ ቅባት ማማሰልና ሰም ማቅለጥ፣ የራሷ ነው፤ «ከእኔ ስትወጪ መዋቢያ እንዳትሠሪ» የሚል፣ ጊዜና ቦታ የማይወስን ውል በፍርድ ቤት ለመጽናት ይቸገራል፤ እንጀራ መዝጋትም ነው። የሚከለከለው ሙያው ሳይሆን የዚያ ቤት ልክና ሂደት ነው።

ከሠራተኛ ይልቅ ብዙ የሚያፈስሰው ግን አቅራቢው ነው። ጉሎውን፣ ሰሊጡንና ተናኝ ዘይቱን ሁሉ ከአንድ ሱቅ በአንድ ደረሰኝ የምትገዛ ከሆነ፣ ያ ደረሰኝ የቀመሩ ግማሽ ነው። ነጋዴው ለሌላ ገዢ «እገሊት የምትወስደውን ልስጥሽ?» ማለቱ አይቀርም። ግዢውን በሁለትና ሦስት ቤት መክፈል፣ ወሳኙን ነገር ለብቻ መግዛት ይበጃል። ሌብል የሚያትመው ማተሚያ ቤትም ፋይሉን ይዟል፤ ያለ እሷ ፊርማ ተጨማሪ እንዳያትም በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት።

በዚህ ዘርፍ የሚጠቀስ አንድ ትልቅ ክርክር አለ። ኦላፕሌክስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ፀጉር በኬሚካል ሲነጣ እንዳይሰባበር የሚረዳ ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶ ዝነኛ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሎሬያል ድርጅቱን ስለ መግዛት ሲነጋገር፣ የምስጢር ጥበቃ ውል ተፈርሞ፣ ያልታተመ የፈጠራ ማመልከቻ እንዲያይ ተፈቀደለት። ግዢው ቀረ፤ ሎሬያል ተመሳሳይ ምርት አወጣ፤ ኦላፕሌክስ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዴላዌር ዳኞች ጉባኤ 91 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የምስጢርና የውል ጥሰቱን ፍርድ ሻረው። ከምክንያቶቹ ዋነኛው፣ ምስጢር የተባለው ማሌይክ አሲድን በማንጣት ሂደት ውስጥ መጠቀም ቀድሞ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ መገኘቱ ነበር። ውሉ ነበረ፣ ፊርማው ነበረ፣ ገንዘብና ጠበቃም አልጎደለም፤ ነገሩ ግን አስቀድሞ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ባለሙያችንም «ጥቁር አዝሙድ ለፀጉር ይጠቅማል» የሚለውን ሐሳብ ምስጢሬ ነው ብትል ያገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ሰሚ የላትም።

በኢትዮጵያ ሕግ የንግድ ምስጢር መነሻው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት አዋጅ 813 ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ ከሐቀኛ የንግድ አሠራር ውጭ በሆነ መንገድ መረጃን መግለጥ፣ መያዝ ወይም መጠቀም ተገቢ ያልሆነ ውድድር ነው ይላል። የወንጀል ሕጉም የኢንዱስትሪና የንግድ ምስጢርን መግለጥ ይቀጣል። ፓተንት ማውጣት ሌላው መንገድ ነው፤ ግን ፓተንት አሠራሩን በይፋ መግለጥን ይጠይቃል፤ ቀመሩም አዲስና ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ ሥራ መሆን አለበት። የታወቁ ዘይቶች ቅልቅል ይህን መለኪያ ማለፉ ብርቅ ነው። ለባለሙያችን ጓዳዋ ይሻላታል።

ቅባቱ ወደ ውጭ መሄድ ሲጀምር የስሙ ጉዳይ እንደገና ይነሣል። አዲስ አበባ የተመዘገበ ምልክት ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ውስጥ አይሠራም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ መዝገብ አለው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ምድብ መነሻ የማመልከቻ ክፍያ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 350 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ያለች እኅቷ ወይም አከፋፋይዋ «እዚህ እኔ ላስመዝግበው» ስትል፣ ማመልከቻው በአምራቿ ስም እንዲገባ፣ አከፋፋይዋም በጽሑፍ ፈቃድ እንድትሸጥ ማድረግ ከዘመድ ጋር የሚያጣላ አይደለም። የሚያጣላው ሽያጩ ካደገ በኋላ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

አስመሳይ ምርት ሲገኝ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በደንበኛ ቅሬታ ነው፦ «የዚህኛው ሽታ ተለየብኝ»፣ «ክዳኑ ሌላ ነው»። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው በማኅበራዊ ገጽ መጮህ አይደለም፤ ሻጩ ዕቃውን ይደብቃል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ሁለት ብልቃጥ በደረሰኝ ይገዛል፤ አንዱ ሳይከፈት ይቀመጣል፤ ሱቁ፣ መደርደሪያውና ቀኑ በፎቶ ይያዛሉ። ከራሷ ብልቃጥ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነታቸው ይመዘገባል፤ የእያንዳንዱን ዙር ቁጥርና ቀን በብልቃጡ ሥር የምታትም ከሆነ የእሷ አለመሆኑን በቀላሉ ታሳያለች። ከዚያ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ቅጂ ተያይዞ ለሻጩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ብዙው ሱቅ በዚህ ደረጃ ያቆማል፤ ዕቃውን ከማን እንደተረከበም የሚናገር አለ። የማይመለሰው ላይ ክስ ይመሠረታል፤ ያልተከፈተውም ብልቃጥ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት የሚቀርበው ያኔ ነው።